ለወዳጅ የሚቀርብ ሰላምታና ለረጂ የሚቀርብ ሰላምታ

ወዳጅ ወዳጁን «እንደምን አደርክ?» ሲለው የሚጠብቀው መልስ «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል ነው። መልሱ ምስጋና እንጂ ስለ ጓዳው የተሰጠ መረጃ አይደለም። በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ሙስሊሙ ጎረቤታችን «አልሐምዱሊላህ» ሲል በዚያው ሥርዓት ይሄዳል። ችግር በገባበት ቤት እንኳ ቃሉ አይለወጥም፤ በሰላምታ ላይ ችግርን ማንሣት ፈጣሪን እንደ ማማረር፣ እንግዳንም እንደ ማሳቀቅ ይቈጠራልና።

የሰበካ ጉባኤ አባል መዝገብ ይዞ ሲመጣ ግን በዚያው ቃል የሚጠብቀው መረጃ ነው። እንበልና ሁለት አባላት በወልቂጤ ወደ አንዲት መበለት ቤት ገቡ። «እማማ፣ እንደምን ሰነበቱ?» ይላሉ። «እግዚአብሔር ይመስገን፤ እናንተስ ልጆቼ?» ይሏቸዋል። ከጎረቤት የተበደሩትን ቡና ያፈሉላቸዋል። መዝጋቢዎቹም «ደኅና ናቸው» ብለው ይወጣሉ። ረጂ እንደሚመጣ አስቀድማ የሰማች ጎረቤት ግን ለዚያው ሰላምታ ችግሯን ዘርዝራ ትመልሳለች፤ በመዝገቡም የምትገባው እርሷ ናት። ዋሽታለች ማለታችን አይደለም፤ የሰላምታውን ዓይነት ለይታ ማወቋ ግን ጠቅሟታል።

ስለዚህ ሰላምታውን እንደ ወዳጅ እስከ መጨረሻው ማድረስ፣ ከዚያም «አሁን የምንጠይቀው ከኮሚቴው ተልከን ነው» ብሎ መለየት ይገባል። ያለው እርዳታ ምን እንደ ሆነ፣ ላይደርስ እንደሚችልም በዚያው ይነገር። ቀጥሎ የሚቀርበው ጥያቄ «ተቸግረዋል?» የሚል አይሁን። ትናንት ማታ ምን ተበላ? ያለው ቆጮ ለስንት ቀን ይበቃል? በጓሮ እንሰት ካለ፣ ያልደረሰው ተቈርጧልን? እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋልና ለጋውን መፋቅ ምላስ የማይናገረውን ይናገራል። እንሰት ለሌለው የከተማ ነዋሪ ደግሞ ያልተከፈለ የቤት ኪራይና የሱቅ ዱቤ ይጠየቅ።

ምስጋናውም ይለያያል። ወዳጅ ለመስቀል የላከውን ሌላ ቀን በሌላ መልክ ይመልሱለታል። ረጂውን ግን «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ይሉታል፤ «ልኝ» ማለት በእኔ ፈንታ ማለት ነውና ብድሩን ወደ ፈጣሪ ያስተላልፉታል። በዚህ ፈንታ ዶሮ ወይም እንቁላል ቢቀርብ ተቀባዩ ረጂውን ወደ ወዳጅነት ሊመልሰው መፈለጉ ነው። ቡናውን እምቢ ማለት ስድብ ነው፤ ዶሮውን መቀበል ግን ምዝገባውን ያበላሻል።

ጉብኝቱ እንደ ተበላሸ የሚታወቀው በመንገድ ላይ ነው። ቀድሞ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይሉ የነበሩ ሰዎች የኮሚቴውን አባል ባዩት ቍጥር ለሰላምታው ችግራቸውን የሚመልሱለት ከሆነ፣ ያ አባል ለእነርሱ ወዳጅነቱ ቀርቶ መዝገብ ብቻ ሆኗል። ይህ በንስሐ አባት ላይ ቢደርስ ጕዳቱ ይከፋል፤ ምእመኑ መስቀል ሲሳለም ስንዴ ያስባልና። የችግረኞችን መዝገብ የንስሐ አባት እንዲይዘው የማንመክረው በዚህ ምክንያት ነው። በካህን እጥረት ወይም በኮሚቴ ድካም ግድ ቢሆን እንኳ፣ ለምዝገባ የሚሄድበት ቀን ቤት ከሚባርክበት ቀን ይለይ።