ባርኮድ ወይስ የሬዲዮ መለያ? ለደብረ ታቦር መካከለኛ መጋዘን

ደብረ ታቦር ላይ ዕቃ በካርቶን ተቀብሎ ለክምር ድንጋይ፣ ለመካነ ኢየሱስና ለንፋስ መውጫ ቸርቻሪዎች የሚያከፋፍል ነጋዴ፣ መጋዘኑን በማሽን ልቆጣጠር ሲል ሁለት አማራጭ ይቀርብለታል። አንዱ ባርኮድ ነው፤ ሠራተኛው ስካነሩን በእያንዳንዱ ኮድ ላይ አነጣጥሮ ያነባል። ሌላው የሬዲዮ መለያ ወይም በተለምዶ አርኤፍአይዲ የሚባለው ነው፤ ካርቶኑ ላይ የተለጠፈው ታግ ባትሪ የለውም፣ ከሪደሩ በሚመጣው ሞገድ ኃይል አግኝቶ ቁጥሩን መልሶ ይልካል፤ ታጉን ማየትም ሆነ አንድ በአንድ ማነጣጠር አያስፈልግም። ሻጩ ሁለተኛውን አብዝቶ ያወድሳል። ከመወሰንዎ በፊት ግን የሚከተለውን በቅደም ተከተል ይሥሩ።

መጀመሪያ ዕቃው የት እንደሚጎድል ይወቁ

ለሁለት ሳምንት ያህል ቢን ካርዱ ላይ ያለው ቁጥርና መደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ ባልተስማሙ ቁጥር ልዩነቱን ከነምክንያቱ በደብተር ይጻፉ። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው፦ ዕቃው ወጥቶ ካርዱ ላይ ሳይመዘገብ ይቀራል፤ ተመሳሳይ ዕቃ በሌላው ስም ይመዘገባል፤ ወይም ካርቶንና ፍሬ ይምታታል። በአግባቡ ከተሠራበት ሦስቱንም ባርኮድ ይቀንሳቸዋል። ልዩነቱ ስርቆት ሆኖ ከተገኘ የሬዲዮ መለያ ይረዳኛል ብለው አይቸኩሉ፤ ታግ ይላጣል፣ በአሉሚኒየም ፎይል ከተጠቀለለም ድምፁ ይጠፋል። ለዚያ የሚያስፈልገው የበር ቁልፍና ሁለት ፊርማ ነው።

ቀጥሎ ሒሳቡን ይሥሩ

አንድ መጋዘን በምሳሌ እንውሰድ። ውስጡ 6,000 ካርቶን በ250 ቦታ ተደርድሯል። በቀን 40 ደንበኛ ይመጣል፤ እያንዳንዱ በአማካይ አምስት ዓይነት ዕቃ፣ ከየዓይነቱ ሁለት ካርቶን ይወስዳል። ስለዚህ በቀን 400 ካርቶን ይወጣል፤ በወር 25 የሥራ ቀን ብንል 10,000 መሆኑ ነው።

በባርኮድ ሲሠራ ሁሉም ካርቶን አይነበብም። የዕቃው ዓይነት አንድ ጊዜ ይነበብና ብዛቱ በቁጥር ይገባል። 40 ደንበኛ በአምስት ዓይነት ሲባዛ 200 ንባብ ነው፤ አንዱ አምስት ሴኮንድ ቢፈጅ ቀኑን ሙሉ 17 ደቂቃ ያህል ይሆናል። የሬዲዮ መለያ ከዚህ ላይ ሊያተርፍልዎ የሚችለው ቢበዛ እነዚህን 17 ደቂቃዎች ነው። ቆጠራም ቢሆን 250ውን ቦታ ለአንዱ አንድ ደቂቃ ሰጥቶ ከአራት ሰዓት ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ ያልቃል።

አሁን ወጪውን ይመልከቱ። በዓለም ገበያ ተራ የወረቀት ታግ በብዛት ሲገዛ አንዱ ከ5 እስከ 15 የአሜሪካ ሳንቲም ያወጣል። በ10 ሳንቲም ብናስብ ለ10,000 ካርቶን በወር 1,000 ዶላር ይሆናል። ታጉ ከካርቶኑ ጋር ወደ ንፋስ መውጫ ሄዶ አይመለስምና ይህ ወጪ በየወሩ ይደገማል፤ የሚገዛውም በውጭ ምንዛሪ ነው። የእጅ ሪደሩ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ1,000 ዶላር በላይ ነው። በዩኤስቢ የሚሰካ የባርኮድ ስካነር ግን ከ30 እስከ 100 ዶላር ይገኛል፣ አብዛኛው ካርቶንም ከፋብሪካው ኮዱ ታትሞበት ይመጣል። የራስዎን መጋዘን ቁጥሮች በዚህ ስሌት ውስጥ ያስገቡ። ልዩነቱ ከዚህ በጣም ካልተለየ ምርጫው ባርኮድ ነው።

የሆስፒታል ወይም የመድኃኒት አከፋፋይ መጋዘን ከሆነ ነገሩ ይበልጥ ያለቀ ነው። የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የመድኃኒት ክትትል ሥርዓቱን የመሠረተው በባርኮድ ላይ ነው፤ በጥቅሉ ላይ የምትታተመው ትንሽ ባለ አራት ማዕዘን ኮድ የምርቱን መለያ፣ የባች ቁጥሩንና የሚያበቃበትን ቀን ትይዛለች። እሷን የሚያነበው በካሜራ የሚሠራ ስካነር ብቻ ነው። ቀይ መስመር የሚያበራው የሌዘር ስካነር አያነባትም። የሳሙናና የዘይት ነጋዴም ቢሆን ሲገዛ የካሜራውን ዓይነት ቢመርጥ ይሻለዋል፤ የተቧጨረ ኮድን በማንበብም ይበልጣል።

ባርኮዱን ሲዘረጉ

ለቦታዎቹ ቁጥር ይስጡ። ሦስተኛው መደርደሪያ፣ ሁለተኛው ፎቅ፣ አንደኛው ክፍል 321 ይባል። ኮድ ለሌላቸው ዕቃዎች፣ ለምሳሌ በኪሎ ተመዝኖ ለሚመጣ ምስማር ወይም ለገመድ፣ የራስዎን ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥር ያውጡ። ቁጥሩ በዜሮ አይጀምር፣ ፊደልም አይግባበት። ፊደል የማይገባበት ምክንያት አለው፦ ስካነሩ ለኮምፒውተሩ እንደ ኪቦርድ ነው፤ ያነበበውን ቁልፍ በቁልፍ ይጽፋል። ጸሐፊዋ ደብዳቤ ስትጽፍ ኪቦርዱን ወደ አማርኛ አዙራ ከተወችው የላቲኑ ፊደል ግዕዝ ሆኖ ይገባል፣ ዕቃውም «አልተገኘም» ይባላል።

ለመጀመር ልዩ ሶፍትዌር አያስፈልግም። በኤክሴል አራት ዓምድ ይክፈቱ፦ ቀን፣ የዕቃ ኮድ፣ `IN` ወይም `OUT`፣ ብዛት። ስካነሩን ከመጠቀምዎ በፊት የኮዱን ዓምድ በ`Text` ያስቀምጡት፤ አለዚያ 13 አኃዙ `6.29E+12` ሆኖ ይታያል፣ በዜሮ የሚጀምረውም ዜሮውን ይጥላል። ኮዱ `F2` ላይ ለተጻፈ ዕቃ በእጅ ያለውን ብዛት ይህ ያወጣዋል፦

```
=SUMIFS(D:D,B:B,F2,C:C,"IN")-SUMIFS(D:D,B:B,F2,C:C,"OUT")
```

ሁለትና ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ መመዝገብ ሲጀምር ግን ኤክሴሉ አይበቃም፤ ያኔ ወደ መጋዘን ሶፍትዌር ይሻገራሉ። መብራት በሚጠፋበት ቀን ሥራው እንዳይቆም ምዝገባው በላፕቶፕ ላይ ይሁን፤ ፋይሉም በየማታው በፍላሽ ይገልበጥ።

የሚለጠፈው ወረቀት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ያለ ቀለም ሪባን በሙቀት ብቻ የሚታተመው ነው፤ ርካሽ ነው፣ ነገር ግን ፀሐይ ሲያገኘው ይደበዝዛል። በወር ውስጥ ለሚወጣ ካርቶን ይበቃል። ለመደርደሪያው ቁጥር ግን በሪባን የሚታተመውን ይጠቀሙ። በጄሪካን ወይም በክብ ቆርቆሮ ላይ ሲለጥፉ ጭረቶቹ እንደ መሰላል መርገጫ የተጋደሙ ይሁኑ። ቆመው ከተለጠፉ ጫፎቹ ከክቡ ጋር ዞረው ስለሚጠፉ ስካነሩ ግማሹን ብቻ ያያል። ከኮዱ ግራና ቀኝ ያለውን ባዶ ነጭ ቦታም በመቀስ አይቁረጡት፤ ስካነሩ ኮዱ የት ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ የሚያውቀው በእሱ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው የካርቶንና የፍሬ መምታታት ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። 24 ሳሙና የያዘ ካርቶን ፋብሪካው ካተመበት የራሱ ኮድ አለው፤ ውስጡ ያለው እያንዳንዱ ሳሙናም ሌላ ኮድ አለው። መዝገቡ በፍሬ የሚያዝ ነው እንበል። ካርቶኑ ሲወጣ ሠራተኛው የተከፈተ ካርቶን አጠገቡ ስላለ የሳሙናውን ኮድ አንብቦ «1» ይላል። መዝገቡ በ1 ይቀንሳል፣ መደርደሪያው በ24። በቆጠራ ጊዜ ጉድለቱ 23፣ 46 ወይም 69 ሆኖ ካገኙት ሌባ አይፈልጉ፤ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ካርቶን በፍሬ ኮድ ወጥቷል ማለት ነው። መፍትሔው ሁለቱንም ኮዶች መዝግቦ ለካርቶኑ ኮድ «24 ፍሬ» ብሎ ማሰርና የማከማቻው ሠራተኛ ሁልጊዜ የካርቶኑን ኮድ ብቻ እንዲያነብ ማድረግ ነው። ሁለት መዓዛ ያላቸው ተመሳሳይ ሳሙናዎች አንድ ቁልል ላይ አይቀመጡ፤ አንዱን አንብቦ «10» ማለት ቀላል ነው፣ ከአሥሩ ሁለቱ ሌላ ቢሆኑም ባርኮዱ አይናገርም።

የሬዲዮ መለያ የሚያዋጣበት ቦታ

ወጥቶ የሚመለስ ንብረት ካለዎት ሒሳቡ ይገለበጣል። የቢራ ሳጥን፣ የጋዝ ሲሊንደር፣ የፕላስቲክ ፓሌት፣ የሚከራይ መሣሪያ፦ ታጉ አንድ ጊዜ ተገዝቶ ለዓመታት ይመላለሳል። የትኛው ሲሊንደር ለየትኛው ደንበኛ እንደሄደ ማወቅ ደግሞ የፋብሪካ ባርኮድ የማይሰጥዎ ነገር ነው፤ የፋብሪካው ኮድ የዕቃውን ዓይነት እንጂ ያችን አንዷን ሲሊንደር አይለይም። ብረት ላይ ግን የወረቀት ታግ አይሠራም፣ ሞገዱን ብረቱ ይመልሰዋል። ለብረት የተሠራ ታግ መግዛት አለብዎ፤ እሱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዶላር በላይ ነው። ውኃ በበኩሉ ሞገዱን ይውጠዋል። የታሸገ ውኃ፣ ለስላሳ መጠጥና የፋርጣ ድንች መሐል ያለ ታግ አይሰማም። ደረቅ ልብስ፣ ወረቀትና ፕላስቲክ አያስቸግሩም፤ የምግብ ዘይትም ቢሆን ፈሳሽ ቢሆንም እንደ ውኃ አይውጥም።

ሪደር ሲጠይቁ የሞገድ ክልሉን ይጠይቁ። ለአሜሪካ የተሠራው ከ902 እስከ 928 ሜጋኸርዝ፣ ለአውሮፓ የተሠራው ከ865 እስከ 868 ሜጋኸርዝ ነው። የአሜሪካው ክልል በ900 ሜጋኸርዝ ከሚሠራው የሞባይል አገልግሎት ጋር ስለሚደራረብ ለእኛ አገር አይመችም። ከማስመጣትዎ በፊት በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመውን የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ስለ መሣሪያው ፈቃድ ይጠይቁ።

ከዚያ ሻጩ በራስዎ መጋዘን ውስጥ እንዲያሳይዎ ያድርጉ፤ አዲስ አበባ ቢሮው ውስጥ ያሳየው አይቆጠርም። 50 ታግ የተለጠፈባቸውን ዕቃዎች ቀላቅለው በጋሪ ላይ ይጫኑና በሩን አሥር ጊዜ ያሳልፏቸው። ሌሎች 20 ደግሞ ከበሩ አጠገብ ሳይነኩ ይቁሙ። በየጊዜው የተነበበውን ይጻፉ። የቆርቆሮ ግድግዳና ጣሪያ ሞገዱን ስለሚያንጸባርቁ ያልተንቀሳቀሱት 20ዎቹም «ወጡ» ተብለው ሊመዘገቡ ይችላሉ፤ ያኔ የሪደሩ ኃይል ይቀነስ፣ አንቴናውም ይዙር፣ ሙከራውም እንደገና ይሠራ። ከ50ው 48 መነበቡ 96 በመቶ ነው ተብሎ ቢነገርዎ አይደሰቱ፦ የቀሩት ሁለቱ የትኞቹ እንደሆኑ ለማወቅ 50ውንም በእጅ መቁጠር ይኖርብዎታል። አሥሩም ጊዜ 50ው ተነብበው 20ዎቹ ዝም ካላሉ ቅድመ ክፍያ አይክፈሉ።