የቡና ደላላው ሲተርክ

ጅማ ወይም አጋሮ ላደገ አንባቢ ደላላ ማን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ጀንፈሉ ከገበሬው ደጅ ተነሥቶ መጋዘን እስኪገባ መሐል ላይ የሚቆመውን ሰው ሁሉም ያውቀዋል። ምፀትን ለማስተማር የቡና ደላላ የሚተርክበትን «ማክስ ሃቭላር»ን የምመርጠውም ለዚህ ነው። ደራሲው ኔዘርላንዳዊው ኤድዋርድ ዳውስ ዴከር በጃቫ ደሴት የቅኝ ግዛት ሹም ነበር። ገበሬው ሲበዘበዝ አይቶ ቢያመለክት የሚሰማው አጣ፤ በ1856 እ.ኤ.አ. ሥራውን ለቀቀ። ልቦለዱ ከአራት ዓመት በኋላ ወጣ።

ደላላው ድሮግስቶፕል የአምስተርዳም ነጋዴ ነው። የቡና ደላላ መሆኑንና አድራሻውን፣ ላውሪየርግራክት ቁጥር 37ን፣ ደጋግሞ ይነግረናል። አንዴ ቢለው ትውውቅ ነው። ሲደጋግመው ግን ግነት ይሆናል፤ ሰውየው ከንግዱና ከቤቱ ሌላ ማንነት እንደሌለው ደራሲው በዚህ ያሳየናል።

ምፀቱ ከዚህ ይረቅቃል። የእኛ ሰምና ወርቅ ሁለቱን ፍቺ አንድ ቃል ውስጥ ያኖራቸዋል። ድሮግስቶፕል ግን የሚለውን ሁሉ ከልቡ ያምናል፤ ቃሉን ብንፈትሽ ሌላ ፍቺ አናገኝበትም። ወርቁን የምናገኘው በፍርዱና ራሱ በሚተርከው ድርጊት መካከል ነው። አንድ ቦታ እንይ። ልጅ ሳለ ገበያ ላይ አንድ ነጋዴ ኮሌታውን ጨምድዶ ሲይዘው ደርሶ ያስጣለው ጓደኛ ነበረው። ካደገ በኋላ ያንን ሰው መንገድ ላይ ያገኘዋል፤ ሰውየው በብርድ ካፖርት አጥቶ ሻል ደርቧል። ደላላው ሊሸሸው ይፈልጋል፤ በስሙ መጥራቱን ትቶ በሻሉ ይጠራዋል። ይህን ሁሉ ሲተርክ ራሱን እንደ ጨዋና እውነት ወዳድ ሰው ይቆጥራል።

እዚህ ላይ ፍርዱን ወደ ጎን ትቶ ድርጊቱን ብቻ መልሶ መተረክ ይጠቅማል፦ ያዳነውን ሰው በልብሱ ናቀው። «ጨዋ ነኝ» ከሚለው ጋር አይገጥምም፤ ምፀቱ ያለው እዚያ ነው። ስላቁ የሚነካው ልማድም ሩቅ አይደለም። እኛም ሀገር ገበያ የመጣ ሰው ሳይናገር በጫማው ይመዘናል።

የተለመደው ስሕተት ግን ሁሉንም ነገር ምፀት ማድረግ ነው። መጽሐፉ ውስጥ ሳይጃ የሚባል ልጅ አባት የሚያርስበትን ጎሽ የወረዳው ሹም ይወስድበታል። ይህን ክፍል የሚተርከው ደላላው አይደለም። ፍርዱና ድርጊቱ ይገጥማሉ፤ ሐዘኑም ሐዘን ነው፤ እንደ ስላቅ ያነበበው ተማሪ መጽሐፉ የተጻፈበትን በደል ያልፈዋል።

ማክስ ሃቭላር በልቦለዱ ለገበሬው የሚሟገተው ሹም ስም ነው። በ1988 እ.ኤ.አ. ኔዘርላንድ ውስጥ ለገበሬው ፍትሐዊ ዋጋ የሚከፈልበት ቡና መለያ ምልክት ተደርጎበት መሸጥ ሲጀምር ምልክቱ የተሰየመው በዚሁ ስም ነው።