የማብራሪያ ቪዲዮ ጽሑፍ አጻጻፍ

ከንባብ በፊት የሚመለሱ ጥያቄዎች
1. አንድን ቪዲዮ ሳትጨርሱ የምትተዉት ምን ሲያጋጥማችሁ ነው?
2. «ልብ ሰቃይ» የሚባለው ምን ዓይነት አነጋገር ነው?

ምንባብ

መጽሐፍ የሚያነብ ሰው የሰለቸውን ገጽ ዘልሎ ወደሚቀጥለው ሊያልፍ ይችላል። በኢንተርኔት ቪዲዮ የሚመለከት ሰው ግን ሲሰለቸው በጣቱ ነካ አድርጎ ሌላ ይከፍታል፤ ተመልሶም አይመጣም። ስለዚህ የማብራሪያ ቪዲዮ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ሰው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰከንዶች ተመልካቹ መልሱን ሊያውቅ የሚጓጓለትን አንድ ጥያቄ ማንሣት፣ ከዚያም እስከ መልሱ የሚያደርስ ያልተቋረጠ ሰንሰለት መዘርጋት ይኖርበታል።

ለምሳሌ አንድ አዘጋጅ ስለ ሀርጌሳ አየር ማረፊያ የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ ለመሥራት ተነሣ እንበል። የመጀመሪያ ረቂቁ እንዲህ ይጀምራል፦ «ጤና ይስጥልኝ፤ እንኳን ወደ ዝግጅታችን በደኅና መጣችሁ። ዛሬ ስለ ሀርጌሳ አየር ማረፊያ እንነግራችኋለን።» ይህ አከፋፈት ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ተመልካቹን የሚያቆይ ጥያቄ የለውም። ሰላምታው ሲያልቅ ተመልካቹም አብሮ ያልቃል።

አዘጋጁ ስለ ቦታው ከሰበሰበው ማስረጃ መካከል እጅግ የሚያስደንቀውን ሲመርጥ ግን መክፈቻው ይለወጣል፦ «በ1988 እ.ኤ.አ. ከዚህ አየር ማረፊያ የተነሡት የጦር አውሮፕላኖች ሩቅ አልሄዱም። ቦምባቸውን የጣሉት በዚያችው በሀርጌሳ ላይ ነበር። አንድ መንግሥት የራሱን ከተማ ከራሷ አየር ማረፊያ ተነሥቶ ለምን ደበደበ?» እዚህ ላይ ሰላምታም ሆነ የዝግጅቱ ስም አልተጠቀሰም። ተመልካቹ «ለምን?» የሚለውን ጥያቄ ስለ ያዘ መልሱን ሳይሰማ መሄድ ያስቸግረዋል። ልብ ሰቃይ መክፈቻ የሚባለው ይህ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የጽሑፉ አካል ነው። ደካማ ጽሑፍ ክፍሎቹን «ደግሞ» እና «እንዲሁም» እያለ ይደረድራል። ጠንካራ ጽሑፍ ግን «ነገር ግን» እና «ስለዚህ» በሚሉት ቃላት ያያይዛቸዋል። በምሳሌያችን የሲያድ ባሬን መንግሥት ይወጋ የነበረው የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ሰፈሩ በኢትዮጵያ ነበር። ነገር ግን በሚያዝያ 1988 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያና ሶማሊያ አንዱ የሌላውን ተቃዋሚ ላለመርዳት ተስማሙ። ስለዚህ ንቅናቄው መጠጊያ እንደሚያጣ ተረድቶ በግንቦት ወር መጨረሻ ወደ ሀርጌሳ ገባ። ስለዚህ መንግሥቱ የከተማዋን ሕዝብ የንቅናቄው ደጋፊ አድርጎ በመቁጠር በመድፍና በአውሮፕላን ደበደባት። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር አንዱን ጥያቄ መልሶ ሌላውን ያስነሣል፤ ዋናው መልስ የሚገኘውም በመጨረሻው ላይ ነው። ስለ መንደርደሪያው ርዝመት ወይም ስለ በረራዎች ብዛት የተገኘ መረጃ እውነት ቢሆንም እንኳ «ለምን?» ለሚለው ጥያቄ ስለማይረዳ ይወጣል።

መዝጊያው ወደ መክፈቻው ይመለሳል። ዛሬ አየር ማረፊያው እስከ 2002 እ.ኤ.አ. የሶማሌላንድ ፕሬዚዳንት በነበሩት በመሐመድ ሐጂ ኢብራሂም ኢጋል ስም ይጠራል፤ በ2013 እ.ኤ.አ. በኩዌት ገንዘብ ታድሶ ተከፍቷል። በከተማዋ መካከልም አንድ ሚግ የጦር አውሮፕላን በሐውልትነት ቆሟል። የመጨረሻው ሥዕል ይኸው ነው።

ጽሑፉ ሲያልቅ በሁለት ዓምድ ይገለበጣል፤ በአንደኛው የሚታየው፣ በሌላው የሚነገረው ይጻፋል። ከዚያም ሰዓት ተይዞ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ትንፋሽ የሚያሳጥር ዓረፍተ ነገር ለሁለት ይከፈላል። ቪዲዮው ከተሰራጨ በኋላ ደግሞ ስንት ተመልካች እስከ የትኛው ሰከንድ እንደ ቆየ የሚያሳይ ግራፍ ለባለቤቱ ይቀርብለታል። መሥመሩ ገና ከመነሻው ወደ ታች ከወረደ መክፈቻው ረዝሟል፤ ወይም ርዕሱ የሰጠውን ተስፋ አልጠበቀም። በመካከል ድንገት ካዘቀዘቀ በዚያ ቦታ ከሰንሰለቱ የወጣ ነገር ገብቷል፤ ወይም ዋናው መልስ ያለጊዜው ተነግሯል።

ይሁን እንጂ ልብ ሰቃይነት ወሰን አለው። አዘጋጁ «ማንም ያልሰማው ምስጢር» ብሎ ቢጀምር፣ ነገሩን የሚያውቁት ከዚያ ድብደባ ሸሽተው ወደ ኢትዮጵያ የተሰደዱት ብዙ ሺህ ሰዎች ውሸቱን ወዲያው ይለዩታል። መክፈቻ ዕዳ ነው፤ በመዝጊያው ሊከፈል የማይችል ዕዳ በመክፈቻው አይገባም።

የቃላት ፍች
መንደርደሪያ፦ አውሮፕላን ለመነሣትና ለማረፍ የሚሮጥበት ጥርጊያ
አዘቀዘቀ፦ ወደ ታች አዘነበለ፣ ወረደ
መጠጊያ፦ መሸሸጊያ፣ መጠለያ

መልመጃ
1. ሁለቱን መክፈቻዎች አነጻጽሩ። ሁለተኛው ተመልካችን የሚያቆየው ለምንድን ነው?
2. በአካባቢያችሁ ስለሚገኝ አንድ ቦታ በሦስት ዓረፍተ ነገር መክፈቻ ጻፉ፤ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ጥያቄ ይሁን።
3. ለጥያቄው መልስ የሚያደርሱ አራት ዓረፍተ ነገሮች «ነገር ግን» እና «ስለዚህ» በሚሉት አያያዥ ቃላት አገናኝታችሁ ጻፉ።