ከ26 ዓመት ውስጥ አንድ ሌሊት

የጤና ጣቢያችን ምስጉን ሠራተኞች የሚሸለሙበት ቀን አምስት ቀን ሲቀረው ኃላፊያችን ጠሩኝና «የክትባት ክፍሏን ሲስተር መድረክ ላይ የምታስተዋውቃቸው አንተ ነህ» አሉኝ። ደስ እያለኝ ተቀበልኩ። በቀጥታ ሰው ኃይል ክፍል ሄጄ የግል ማኅደራቸውን አስወጣሁ። የ26 ዓመት አገልግሎት ስለሆነ ማኅደሩ ወፍራም ነው። የቅጥር ደብዳቤውን፣ የወሰዷቸውን ሥልጠናዎችና የደረጃ ዕድገታቸውን በቅደም ተከተል ገለበጥኩ፤ መጨረሻ ላይ «ታታሪ፣ ታማኝ፣ ትሑት» ብዬ አንድ ገጽ ሞላሁ። ማታ ቤቴ ሆኜ ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳነበው ግን ደነገጥኩ። የእሳቸውን ስም አውጥቼ የሌላ ሰው ስም ባስገባበት ጽሑፉ ምንም አይሆንም ነበር።

ሰው እንድታስተዋውቁ ስትመረጡ ይህንን ሞክሩት። ስሙን ቀይሩና አንብቡ። ጽሑፉ ለሌላው ሰው ልክ ከሆነ፣ የእናንተን ሰው ገና አላገኛችሁትም ማለት ነው።

በማግስቱ ማኅደሩን መለስኩና አብረዋቸው የሚሠሩ ሰዎችን ማነጋገር ጀመርኩ። መጀመሪያ «ሲስተር እንዴት ያሉ ሰው ናቸው?» ብዬ ነበር የጠየቅሁት። መልሱ ያው ማኅደሩ ውስጥ ያለው ሆነ፤ ጎበዝ፣ ደግ፣ ሰው አክባሪ። ጥያቄውን ቀየርኩት። «እሳቸው ባይኖሩ ኖሮ ሌላ መልክ ይይዝ የነበረ አንድ ቀን ንገሩኝ» አልኩ። ሰዎች ዝም ብለው ማሰብ የጀመሩት ያኔ ነው። ከሦስት ሰዎች ሦስት ታሪክ ይዤ ተመለስኩ።

አንደኛው፣ በዝናብም በፀሐይም አርፍደው አያውቁም የሚል ነው። የሚያስመሰግን ልማድ ነው፤ ነገር ግን የሚታይ ትዕይንት የለውም። ሁለተኛው፣ መድኃኒት መግዣ ላጣች አንዲት እናት ከኪሳቸው መክፈላቸው ነው። ልቤን ነክቶታል። ቢሆንም ተውኩት፤ ሽልማቱ የተሰጠው ለክትባት ሥራቸው ነው፣ ያቺ እናት ደግሞ ችግሯ በአዳራሽ እንዲነገር አልፈቀደችም። ሦስተኛውን የነገረኝ የሌሊት ጥበቃው ነው።

አንድ እሑድ ምሽት መብራት ይጠፋል፤ ጄኔሬተሩም እምቢ ይላል። ጥበቃው ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ሲስተር ቤት ደወለ። በእግራቸው መጡ። የክትባት ማቀዝቀዣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መሆን አለበት፤ ሲደርሱ ቴርሞሜትሩ 7 ላይ ነበር። ጥበቃው በረዶ የሆኑትን አይስ ፓኮች ቶሎ ብሎ ወደ ኮልድ ቦክሱ ሊከት ሲል «ቆይ፣ ልጄ» አሉት። አይስ ፓኮቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ደረደሯቸውና ቁጭ አሉ። እሱ ግራ ገባው። «ሲስተር፣ እየቀለጠ እኮ ነው» አላቸው። እሳቸውም «እንዲቀልጥ ነው የምፈልገው፤ ፔንታና የቲታነስ ክትባት ውርጭ ከነካቸው አለቀላቸው፣ ዳግም አይመለሱም» ብለው አስረዱት። ከዚያ በየጊዜው አንዱን አይስ ፓክ እያነሱ ጆሯቸው አጠገብ ይነቀንቁታል። ውስጡ ውኃ ሲንቦጫረቅ የተሰማውን ብቻ ወደ ሣጥኑ፣ ሌላውን መልሰው ወደ ጠረጴዛው። እሱ ባትሪ ይዞላቸው እስኪነጋ እንዲህ አደሩ።

ይህንን ስሰማ ፍለጋዬ ማለቁን አወቅሁ። የመረጥኩበት ምክንያት ሌሊት ስለሆነና ልብ ስለሚሰቅል አይደለም። ሌላ ሰው ቢሆን በቅንነት ተቻኩሎ ክትባቱን በበረዶ ያበላሸው ነበር፤ እሳቸው ግን የሚያውቁትን አምነው ጠበቁ። 26 ዓመት የተጠራቀመው ዕውቀት ጆሮ አጠገብ በሚነቀነቅ አንድ አይስ ፓክ ታየኝ። ጥሩ ታሪክ ውስጥ ሰውየው የሚወስነው ነገር አለ፤ ያ ውሳኔም ሽልማቱ ከተሰጠበት ሥራ ጋር ይገናኛል።

የማኅደር ገጽ ብዙ ጊዜ ዋናውን ነገር አይዝም። ማሚቱ ጋሼን አስቡ። ወደ ዶክተር ሐምሊን ባልና ሚስት የመጡት የፌስቱላ ታካሚ ሆነው ነው፤ ትምህርት ቤት ገብተው አያውቁም ነበር። ከዳኑ በኋላ የታካሚዎችን አልጋ በማንጠፍ ጀመሩ፤ ውለው አድረው ራሳቸው ቀዶ ሕክምና የሚሠሩና ሐኪሞችን የሚያሠለጥኑ ሆኑ። በ1989 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የለንደኑ ሮያል ኮሌጅ ኦፍ ሰርጅንስ ከሐምሊኖች ጋር የወርቅ ሜዳሊያ ሸለማቸው። እኔ እሳቸውን እንዳስተዋውቅ ብታዘዝ የምናገረው ስለ እጃቸው ነው፤ አልጋ ያነጠፈው እጅ በኋላ የሐኪሞችን እጅ ሲመራ።

ታሪኩን ከመረጥኩ በኋላ አጣራሁት። ማቀዝቀዣው በር ላይ ጠዋትና ማታ ሙቀት የሚመዘገብበት ወረቀት አለ፤ የዚያን ሰኞ ጠዋት ገጽ አስወጥቼ አየሁ። በሲስተር እጅ «ኮልድ ቦክስ፣ 5 ዲግሪ» ተብሎ ተጽፏል። የክትባት መዝገቡም በዚያው ቀን 37 ሕፃናት መከተባቸውን ያሳያል። ማጣራቴ በጀኝ፤ ጥበቃው «የዓመት ክትባት ነው ያዳኑት» ብሎኝ ነበር፣ የአንድ ወር ሆኖ ተገኘ። የተጋነነ ታሪክ በአዳራሹ ውስጥ ወዲያው ይታወቃል፤ የነበሩት ሰዎች እርስ በርስ ይተያያሉ፣ ተሸላሚውም አንገቱን ይደፋል። ከዚያ ሲስተርን ራሳቸውን አስፈቀድኳቸው። «ባትሪ የያዘልኝን ልጅ ካልተውከው ተናገር» አሉኝ።

ጽሑፌን በእጅ ሰዓት ለካሁት፤ ሦስት ደቂቃ። የማኅደሩን ዝርዝር ለፕሮግራሙ ወረቀት ሰጠሁና ከአፌ አወጣሁት። የተናጋሪው እኔነትም ወጣ፤ «እሳቸውን ያወቅኋቸው እኔ ገና ስቀጠር» የሚለው አንቀጽ ስለ እኔ እንጂ ስለ እሳቸው አልነበረም። ስማቸውን ደግሞ መጨረሻ ላይ አደረግሁ። መጀመሪያ ላይ ስም ከተጠራ ጭብጨባው ይጀምራል፣ ተሸላሚው ይነሳል፣ ታሪኩን የሚሰማ አይኖርም። ስለዚህ የጀመርኩት «ሌሊት ስምንት ሰዓት ነው፤ መብራት የለም» ብዬ ነው።

አዳራሹ ጸጥ አለ። «አይስ ፓኩን አንስተው ጆሯቸው አጠገብ» ስል ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጡት ነርሶች ሳያስቡት እጃቸውን ወደ ጆሯቸው ሲወስዱ አየሁ። የ37ቱን ሕፃናት ቁጥር ተናገርኩ። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ጨመርኩ፤ «የዘንድሮው ሽልማት ለዚያ ትዕግሥትና ለዚያ ዕውቀት ነው» የሚል። ከዚያ ስማቸውን ከነአባታቸው ጠራሁ።

እልልታው ሲቀልጥ ሲስተር ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ መድረኩ መጡ። የምስክር ወረቀቱን ከክቡር እንግዳው ተቀበሉ፤ ፎቶ አንሺው ካሜራውን ደቀነ። እሳቸው ግን ወደ በሩ ዞረው በእጃቸው ይጠሩ ነበር። ጥበቃው ኮፍያውን አውልቆ፣ እየተሽኮረመመ፣ በሰዉ መሐል መጣና አጠገባቸው ቆመ።