«ጤናዎ እንዴት ነው?» ጥያቄው እንደ ሰላምታ ሲሰማ

በአሜሪካ የአዋቂዎችን የጤና ሁኔታ በስልክ የሚጠይቅ አንድ ትልቅ ጥናት አለ። የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ከክፍለ ግዛቶች ጋር በመተባበር ከ1984 ጀምሮ ያካሂደዋል፤ ሲያትል የምትገኝበት የዋሽንግተን ክፍለ ግዛትም ተሳታፊ ናት። በመጠይቁ መግቢያ አካባቢ፣ በጥቅሉ ጤናዎ እንዴት ነው የሚል ጥያቄ ቀርቦ አምስት የምላሽ ደረጃዎች ይከተሉታል። ቃለ መጠይቁ በዋናነት የሚካሄደው በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ በመሆኑ፣ በሲያትልና በአካባቢዋ የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎችን ጤና ለማጥናት የሚነሳ ሰው መጠይቁን ወደ አማርኛ መመለስ ይኖርበታል። ችግሩ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

በአማርኛ «ጤናዎ እንዴት ነው?» ሲባል የሚሰማው ሰላምታ ነው። ጉልበታቸው የሚያማቸው፣ ስኳር ያለባቸው እናት እንኳ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ብለው ይመልሳሉ። እንዲህ ሲሉ እየዋሹ አይደለም፤ ለሰላምታ የሚገባውን ምላሽ መስጠታቸው ነው። ትርጉሙን ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በማስተርጎም የሚደረገው የተለመደ ማጣሪያ ይህን ስሕተት አይዘውም፤ ቃሉ በትክክል ተመልሶ ይመጣልና።

የምላሽ ደረጃዎቹም የራሳቸው ወጥመድ አላቸው። በእንግሊዝኛው ከ«ጥሩ» በታችና ከ«መጥፎ» በላይ ያለው ደረጃ በስፓኒሽ «ሬጉላር» ተብሎ ተተርጉሟል። ቃሉ ለስፓኒሽ ተናጋሪ «እንደ ወትሮው፣ ደህና» ማለት ስለሚመስል ብዙዎች ይመርጡታል፤ ውጤቱ ሲነበብ ግን ጤናቸው ከሌሎች የባሰ ይመስላል። በአማርኛም ለዚህ ደረጃ «ደህና» የሚለውን መምረጥ ያንኑ መዘዝ ያስከትላል። «መካከለኛ» ንግግር ላይ ጠጠር ይላል፤ የተሻለው ግን እርሱ ነው።

ይህን የሚያጋልጠው ቅድመ ሙከራ ነው። ለመጀመሪያው ዙር ከስምንት እስከ አሥር ሰዎች ይበቃሉ፤ ሽማግሌ፣ ወጣት፣ አዲስ የመጣ፣ ከአርባ ዓመት በላይ የኖረ እየተባለ ይመረጣሉ። ጠያቂው ጥያቄውን ካነበበና መልሱን ከመዘገበ በኋላ፣ «ጥያቄውን በራስዎ አነጋገር ቢነግሩኝ? ይህን መልስ ሲሰጡ ምን አሰቡ?» ብሎ ይጠይቃል። መልስ ሰጪው «ሰላም ስላልከኝ ነዋ» ካለ የጥያቄው ስም አሁን ታወቀ። ከዚያ ይታረማል፤ በሌሎች ሰዎች ላይም እንደገና ይሞከራል።

የደም ግፊትን ጥያቄ እንውሰድ። «የደም ግፊት አለብዎ?» ሲባል፣ መድኃኒት እየወሰደ ግፊቱ የተስተካከለለት ሰው «አሁን የለብኝም» ሊል ይችላል። አንዳንዱ ደግሞ የሚያውቀው «ደም ብዛት» የሚለውን ስም ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ሐኪም፣ ነርስ ወይም ሌላ የጤና ባለሙያ የደም ግፊት (ደም ብዛት) እንዳለብዎ ነግሮዎት ያውቃል?» ቢባል ይሻላል። ይህም ቢሆን የሚለካው የተነገረውን እንጂ ያለውን አይደለም፤ ተመርምሮ የማያውቅ ሰው «አይ» ይላል።

የመጠየቂያው ጊዜም መልሱን ይለውጣል። «ባለፉት 7 ቀናት ሥጋ ስንት ጊዜ በሉ?» የሚል ጥያቄ በዐቢይ ጾም መካከል ለኦርቶዶክስ ምእመን ቢቀርብ፣ የተገኘው ቁጥር ስለ ዓመቱ አመጋገብ የሚናገረው እምብዛም ነው።

መጠይቁ ቢስተካከልም የማይመልሱ ይኖራሉ። ሌሊት የሚያሽከረክር የታክሲ ሾፌር ቀን ስልክ አያነሳም፤ እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ያለ ቤተሰብ በሩን አይከፍትም። ስለዚህ ሙከራው በተለያየ ቀንና ሰዓት ይደገማል፤ አስቀድሞም በአማርኛ የተጻፈ፣ ማን እንደሚጠይቅና መልሱን ማን እንደሚያይ የሚገልጽ ደብዳቤ ይላካል። ለጥናቱ ካላስፈለገ ስለ መኖሪያ ፈቃድ መጠየቅ ስልክ ማዘጋት ነው። አስገራሚው ነገር የስጦታው ጉዳይ ነው፤ በ1992 በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ከመጠይቁ ጋር በፖስታ ውስጥ የተላከ 1 ዶላር፣ ሞልቶ ለሚመልስ ቃል ከተገባ 50 ዶላር የበለጠ ምላሽ አስገኝቷል።

የቀሩት ከመለሱት ይለዩ እንደሆነ ለማወቅ አንድ ስሌት እንሥራ። ለናሙና ከተመረጡ 400 ሰዎች 120 መለሱ እንበል፤ ከእነርሱ 36ቱ የደም ግፊት እንዳለባቸው ተነግሯቸዋል፤ ይህ 30 በመቶ ነው። ካልመለሱት 280 ሰዎች መካከል 40 በዕጣ ተመርጠው፣ ተደጋጋሚ ጉብኝት ተደርጎ ሁሉም ተገኙ እንበል። ከእነርሱ የተነገራቸው 6 ብቻ ቢሆኑ 15 በመቶ ነው፤ ለ280ዎቹ ሲሰላ 42 ይሆናል። 36 እና 42 ሲደመሩ ከ400 ውስጥ 78፣ ማለትም 19.5 በመቶ ይሆናል። ልዩነቱ የመጣው የታመመ ሰው ስለ ጤና ሲጠየቅ ጉዳዩ ስለሚመለከተው ለመመለስ ስለሚበረታ ሊሆን ይችላል። 40 ሰው ትንሽ ቁጥር ነው፤ 15 በመቶውም ሰፊ የስሕተት ክልል አለው። ይሁን እንጂ 30 በመቶውን እንዳለ አትሞ ከማውጣት ይልቅ እነዚያን 40 በሮች ደጋግሞ ማንኳኳት ይሻላል።