ደብዳቤው ገብቷል፣ ቀጠሮው ግን አልመጣም

ለመመረቂያ ጥናታቸው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኃላፊ ማነጋገር የሚፈልጉ ተማሪዎች ከሁሉ ይልቅ የሚቸገሩት ቀጠሮ በማግኘት ነው። ዩኒቨርሲቲው የትብብር ደብዳቤ ይጽፍላቸዋል፣ ደብዳቤው መዝገብ ቤት ይገባል፣ ከዚያ በኋላ ወሬው ይጠፋል። ሦስት ቀን ያልፋል፣ አራት ቀን ያልፋል፣ ሳምንት ይሞላል። አንዳንዱ ተማሪ አፍሮ ዝም ይላል፤ ሌላው በየቀኑ እየደወለ ሰው ያሰለቻል። ሁለቱም ዝምታውን የኃላፊው መልስ አድርገው ቆጥረውታል። ኃላፊው ግን ደብዳቤውን ገና ላያዩት ይችላሉ። ሰው ሳያስቀይሙ ለማስታወስ መጀመሪያ ወረቀቱ የት እንደደረሰ ማወቅ ያስፈልጋል።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንየው። አንዲት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ስለ ከተማ ውኃ ሥርጭት ታጠናለች እንበል። የውኃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤቱን ሥራ አስኪያጅ ለአንድ ሰዓት ማነጋገር ትፈልጋለች። ደብዳቤዋን ማክሰኞ ኅዳር 2 ቀን መዝገብ ቤት አስገባች፤ በእጇ በቀረው ቅጂ ላይም የገቢ ቁጥርና ቀን አስጻፈች። ይህ ቅጂ ወደፊት ለምታደርገው ክትትል ሁሉ መነሻ ነው። ቅጂ ሳይዝ ደብዳቤ ሰጥቶ የወጣ ሰው ቆይቶ «ደብዳቤ አስገብቼ ነበር» ከማለት በቀር የሚያሳየው ነገር አይኖረውም።

መጀመሪያ ቀኑን በትክክል ቁጠሩ

የሚቆጠረው የሥራ ቀን ነው። ማክሰኞ የገባ ደብዳቤ ቅዳሜና እሑድን ሲቀንሱለት በሚቀጥለው ማክሰኞ ጠዋት ያለፈው አራት የሥራ ቀን ብቻ ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ ይህ በቂ ነው፤ ከዚያ በፊት መጠየቅ ችኮላ ይመስላል። ሰዓቱንም መምረጥ ያስፈልጋል። ሰኞ ጠዋት በብዙ ቢሮዎች የሳምንቱ ስብሰባ የሚካሄድበት ጊዜ ነው። ዓርብ ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛ የምሳ ዕረፍት ከ5:30 እስከ 7:30 ስለሆነ ረፋዱ አጭር ነው። ማክሰኞ፣ ረቡዕ ወይም ሐሙስ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል አካባቢ ሰው የሚገኝበት፣ የሚያናግርበትም ሰዓት ነው። ሰኔ ላይ ከሆናችሁ ግን በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ከምሳሌያችን ላይ ሌላ ሳምንት ጨምሩ።

ቀጥሎ ወረቀቱን ፈልጉ

ተማሪዋ ማክሰኞ ኅዳር 9 ቀን መዝገብ ቤት ሄዳ ቅጂዋን አሳየች። የጠየቀችው «ለምን አልተመለሰልኝም?» ብላ አይደለም። «ይህ ደብዳቤ ወዴት እንደተመራ ሊያዩልኝ ይችላሉ?» አለች። መዝገብ ቤት ያለው ሠራተኛ የመጀመሪያውን ዓይነት ጥያቄ እንደ ወቀሳ ይሰማዋል፣ ራሱን ለመከላከልም ይነሳል። ሁለተኛውን ግን መዝገቡን ገልጦ ሊመልሰው ይችላል።

መልሱ ከሦስት አንዱ ይሆናል። ደብዳቤው ገና ከመዝገብ ቤት አልወጣ ይሆናል፤ እንዲህ ከሆነ በዚያው ዕለት እንዲወጣ በትሕትና መጠየቅ ይበቃል። ወይም በጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ከሌሎች ፋይሎች ጋር የኃላፊውን ዓይን እየጠበቀ ይሆናል። ወይም ኃላፊው በጥጉ ምሪት ጽፈውበት ወደ አንድ ክፍል ወርዶ ይሆናል፤ ደብዳቤው የደረሰው ባለሙያ ግን የእናንተን ስልክ አላየም፣ ወይም መረጃ ለመስጠት መፈቀዱን እርግጠኛ አልሆነም። ሦስቱም ከውጭ ሲታዩ አንድ ዓይነት ዝምታ ናቸው፤ መፍትሔያቸው ግን የተለያየ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ የሚሠራው አንድ ስሕተት አለ፤ ያንኑ ደብዳቤ እንደገና ማስገባት። አዲሱ ወረቀት አዲስ የገቢ ቁጥር ያገኛል፣ ለሌላ ሰውም ሊመራ ይችላል። አንድ ጉዳይ ሁለት ሰዎች እጅ ይገባና እያንዳንዳቸው ሌላው ይጨርሰዋል ብለው ይተዉታል። የመጀመሪያው ደብዳቤ በእርግጥ ጠፍቷል ካልተባላችሁ ሁለተኛ አታስገቡ።

ጸሐፊዋን አነጋግሩ

የምሳሌያችን ደብዳቤ ጸሐፊዋ ዘንድ ተገኘ። ይህ ደረጃ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚፈልግ ነው፤ የኃላፊው ሰዓት በተግባር የሚከፋፈለው እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነውና። ጸሐፊዋን እንደ በር ጠባቂ የሚያያት ሰው ብዙ ነው፤ እኔ ግን የቀጠሮው ባለቤት አድርጋችሁ ብታነጋግሯት ይሻላል እላለሁ። ንግግሩ ይህን ያህል ብቻ ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አደሩ? ኅዳር 2 ቀን የገባ የትብብር ደብዳቤ አለኝ፣ ቁጥሩ ይኸው። ሥራ እንደሚበዛባቸው አውቃለሁ። 20 ደቂቃ ብቻ ነው የምፈልገው። በዚህ ሳምንት የትኛው ቀን ይቀላቸዋል ይላሉ?»

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ አንድ ሰዓት የነበረው ጥያቄ ወደ 20 ደቂቃ ወርዷል። በስብሰባ መካከል የሚገኝ ክፍተት ለ20 ደቂቃ ይበቃል፤ ለአንድ ሰዓት ግን ሙሉ ቀጠሮ መያዝ አለበት። የቀረውን ጥያቄ የሚመልስ ባለሙያ ኃላፊው ራሳቸው ሊጠቁሙ ይችላሉ። ሁለተኛ፣ ጥያቄው የጸሐፊዋን ግምት ይጠይቃል፤ ያልሰጠችውን መልስ አያስታውሳትም። «ባለፈው ሳምንትም መጥቼ ነበር» የሚለው ዓረፍተ ነገር እውነት ቢሆንም ተዉት።

«ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ደውይ» መባል ያለ ነው፤ እንቢታ አይደለም። ሆኖም «ነገ» የሚለውን እንዲሁ ይዞ መሄድ አይበጅም። «እሺ፣ ነገ ከምሳ በፊት ብደውል ይሻላል ወይስ ከምሳ በኋላ?» ብላችሁ ሰዓት አስቆርጡት። በተባለው ሰዓት ደውሉ፤ ካልተነሳ በዚያ ቀን አትድገሙት። አምስት ያልተነሱ ጥሪዎች ስልኩ ላይ ሲታዩ የሚናገሩት ስለ ጉዳዩ መጣደፍ ሳይሆን ስለ ደዋዩ ነው። የጸሐፊዋ ፊት በየጊዜው እየጠቆረ ከመጣና «ደብዳቤው ይታያል» ከሚለው በቀር ቀንም ሰዓትም መስጠት ካቆመች፣ ያኔ ከሥራ ብዛት ያለፈ ምክንያት እንዳለ ገምቱ። እንዲህ ከሆነ ጥያቄውን ወደ ሌላ ባለሙያ የማዞር ጊዜው ደርሷል።

ተማሪዋ ሐሙስ ኅዳር 11 በተባለችው ሰዓት ደወለች። ሥራ አስኪያጁ ለመስክ ሥራ ወጥተዋል፣ ማክሰኞ ይመለሳሉ ተባለች። በዚህ ጊዜ አንድ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀች፦ «አጭር መልእክት በቴሌግራም ብልክላቸው ቅር ይላቸው ይሆን?» ጸሐፊዋ ቁጥሩን ሰጠቻት። የኃላፊን የግል ስልክ በዘመድ በወዳጅ አፈላልጎ በድንገት መጻፍ ሌላ ነገር ነው፤ ጸሐፊዋንም ታስቀይማላችሁ፣ ኃላፊውንም ታስደነግጣላችሁ።

መልእክቱ ራሱን ችሎ የሚመለስ ይሁን

ማክሰኞ ኅዳር 16 ከሰዓት በኋላ የሄደው መልእክት ይህ ነው፦

«የተከበሩ ሥራ አስኪያጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። ስለ ከተማው የውኃ ሥርጭት ለምሠራው የመመረቂያ ጥናት ኅዳር 2 ቀን በገባ ደብዳቤ ቃለ መጠይቅ ጠይቄ ነበር። ጊዜዎ ከፈቀደልኝ ሐሙስ ኅዳር 18 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ወይም ማክሰኞ ኅዳር 23 ከቀኑ 9 ሰዓት ለ20 ደቂቃ ቢሮዎ እመጣለሁ። እርስዎ የማይመችዎት ከሆነ የሚወክሉት ባለሙያ ቢነገረኝም በደስታ እቀበላለሁ። ስድስቱን ጥያቄዎች አያይዣለሁ። አክባሪዎ።»

ይህን መልእክት ቆመውም፣ መኪና ውስጥ ተቀምጠውም በአንድ ቃል ሊመልሱት ይችላሉ፤ «ሐሙስ» ማለት ብቻ ይበቃል። «መቼ ይመችዎታል?» ተብሎ ቢሆን ኖሮ ኃላፊው መርሐ ግብራቸውን ማየት፣ ማሰብ፣ ከዚያም መጻፍ ነበረባቸው፤ እንዲህ ያለ መልእክት ለኋላ ይባልና እዚያው ይቀራል። «የሚወክሉት ባለሙያ» የሚለው ሐረግ ደግሞ ሳያፍሩ እንቢ የሚሉበት በር ነው። ይህ በር ሲከፈት የሚመጣው መልስ እንቢታ ቢሆን እንኳ አብሮት ስም ይኖራል።

ከውጭ አገር ሆናችሁ የምትጽፉ ከሆነ ሰዓቱን በማን አቆጣጠር እንደጻፋችሁ ግልጽ አድርጉ። «3 ሰዓት» ለአዲስ አበባ ሰው ጠዋት ነው፤ ለእናንተ ስልክ ግን ሌሊት ወይም ከሰዓት በኋላ ሊሆን ይችላል። ጀርመን ያላችሁ ደግሞ ከአዲስ አበባ ጋር ያላችሁ ልዩነት በክረምታችሁ ሁለት ሰዓት፣ በበጋችሁ አንድ ሰዓት መሆኑን አስታውሱ። «በአዲስ አበባ ሰዓት ከጠዋቱ 3፣ በእኔ 8» ብሎ መጻፍ ሁለተኛ ዙር ጽሑፍ ያስቀራል።

ባለሙያው ዝም ካለ

ሐሙስ ጠዋት «የሥርጭት ክፍል ኃላፊውን አነጋግሪ፣ ነግሬዋለሁ» የሚል መልስ መጣ። ይህ ቀጠሮው አለቀ ማለት አይደለም። ክፍል ኃላፊው «በቃል ነው የተነገረኝ» ብሎ ሊያመነታ ይችላል፤ በፍርኃቱ አልፈርድበትም፤ ቁጥር ሰጥቶ በኋላ የሚጠየቀው እርሱ ነው። ተማሪዋ ወደ ጸሐፊዋ ተመልሳ ምሪቱ በደብዳቤው ላይ እንዲጻፍ ጠየቀች፣ የተመራበትን ቅጂም ይዛ ሄደች። ስሙ በጥናቱ እንደማይጠቀስ፣ ካልፈቀደም ድምፁን እንደማትቀዳ አስቀድማ ነገረችው። ማክሰኞ ኅዳር 23 ከቀኑ 9 ሰዓት ተቀጣጠሩ። ሰኞ ከሰዓት በኋላ «ነገ 9 ሰዓት እመጣለሁ፣ አመሰግናለሁ» የምትል አንዲት መስመር ላከችለት፤ ከዚህ በላይ ማስታወሻ አያስፈልግም።

የት ላይ ማቆም ይገባል?

በመዝገብ ቤት፣ በጸሐፊ እና በጽሑፍ ጠይቃችሁ፣ ከመጨረሻው መልእክት በኋላ አምስት የሥራ ቀን ካለፈ አራተኛ ጊዜ አትጠይቁ። ጉዳዩን ለአማካሪያችሁ ንገሩ፤ አንዳንዴ አንድ የመምህር ስልክ የተማሪን ወር ያሳጥራል። እሱም ካልሠራ በቅርንጫፍ ደረጃ ያለ ሌላ ባለሙያ ወይም በጡረታ የወጣ የቀድሞ ሠራተኛ ፈልጉ። በጥናታችሁ የአሠራር ምዕራፍም ቃለ መጠይቁ በየትኛው ቀን እንደተጠየቀና እንዳልተገኘ ያለ ወቀሳ በሁለት መስመር ጻፉት፤ የገቢ ቁጥሩ ያለበት ቅጂ እጃችሁ ላይ ስላለ ፈታኙ ቢጠይቅ ታሳያላችሁ።