የጅማሬ ፍጥነት እንደ አደጋ ምልክት፦ የመብረቃዊ ራስ ምታት ምርመራ

ራስ ምታት በአብዛኛው ለሕይወት የማያሰጋ ሕመም ነው። ከመካከሉ አስጊውን ለመለየት የሕመሙን ብርታት መጠየቅ የተለመደ ቢሆንም፣ ማይግሬንም እጅግ ሊበረታ ስለሚችል ብርታት ብቻውን በቂ መለያ አይሆንም። ይበልጥ የሚጠቅመው ሕመሙ ከጀመረበት ቅጽበት አንሥቶ ከፍተኛ ደረጃው ላይ እስኪደርስ የፈጀው ጊዜ ነው። ማይግሬን በአብዛኛው ቀስ በቀስ የሚበረታ ሲሆን፣ መብረቃዊ ራስ ምታት የሚባለው ግን በ1 ደቂቃ ውስጥ ከፍተኛ ደረጃው ላይ ይደርሳል።

ለዚህ ፍጥነት ዋነኛው አስጊ ምክንያት በአንጎል ሽፋኖች መካከል የሚከሰት የደም መፍሰስ ነው። በአንጎል ሥር የሚገኝ የደም ቧንቧ ግድግዳው ሳስቶ እንደ ፊኛ ያብጥና ይፈነዳል፤ ደሙም በልብ ግፊት እየተገፋ በቅጽበት ወደ ሽፋኖቹ ክፍተት ይገባል።

ለማብራሪያ ያህል፣ ማይግሬን ያለባት የ45 ዓመት ሴት ውኃ የሞላ ጀሪካን ስታነሣ ማጅራቷን እንደ ምት የሚመታ ሕመም ተሰማት እንበል። አስመለሳት፤ ማስታገሻ ወስዳም ተሻላት። ከ10 ሰዓት በኋላ ስትመረመር አንገቷ አልተገተረም፤ እጅና እግሯም አልደከሙም። «ማይግሬኗ ተነሣባት» ብሎ መሸኘት ቀላል ነው። ነገር ግን የማስታገሻው መሥራት የደም መፍሰስን አያስቀርም፤ የአንገት መገተርም ለመታየት ሰዓታት ሊወስድ ይችላል።

ቀጣዩ እርምጃ ያለ ንጥረ ነገር መርፌ የሚነሣ የራስ ሲቲ ስካን ነው። ምርመራው ሕመሙ በጀመረ በ6 ሰዓት ውስጥ በዘመናዊ መሣሪያ ተነሥቶ ልምድ ባለው ባለሙያ ከተነበበ ደሙን እምብዛም አይስትም። ከዚያ በኋላ ደሙ በአንጎል ፈሳሽ እየቀጠነ ስለሚሄድ የምስሉ አስተማማኝነት ይቀንሳል። ስለዚህ በ10ኛው ሰዓት የተነሣ ንጹሕ ምስል ጥያቄውን አይዘጋም። 12 ሰዓት ከሞላ በኋላ ከወገብ በመርፌ የሚወሰደው ፈሳሽ በዚህች ሴት ቢጫ ሆኖ ቢገኝ፣ ቀይ የደም ሕዋሳት ፈርሰው ቢሊሩቢን መፈጠሩን ያሳያል። መርፌው ራሱ ያደማው ፈሳሽ ግን ቀይ እንጂ ወዲያው ቢጫ አይሆንም። የቧንቧውን እብጠት ለማግኘት ደግሞ የደም ቧንቧ ምስል ያስፈልጋል።

የዚህ አካሄድ ድክመት በሕመምተኛው ትውስታ ላይ መመሥረቱ ነው። «ከባድ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ፍጥነቱን አያሳይም፤ «ሲጀምርሽ ምን እየሠራሽ ነበር? እስኪበረታ ምን ያህል ቆየ?» የሚለው ግን ያሳያል። በሌላ በኩል መብረቃዊ ራስ ምታት ሁሉ የደም መፍሰስ ባለመሆኑ፣ ብዙዎች ተመርምረው አስጊ ነገር አይገኝባቸውም። ይህ ወጪ የሚመዘነው ከዳግም መፍሰስ አንጻር ነው፤ የፈነዳ ቧንቧ እንደገና የመድማት ዕድሉ ከፍ የሚለው በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ነውና። በመሆኑም ሕመሙ የጀመረበት ትክክለኛ ሰዓት በሕክምና ካርዱ ላይ ከሁሉ አስቀድሞ መጻፍ ይኖርበታል፤ የሲቲ ስካኑም ውጤት ሊተረጎም የሚችለው ያ ሰዓት ሲታወቅ ነው።